ቪዛ ይዘው ከመሳፈሪያ ስለሚመለሱ መንገደኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን ወደ ውጭ አገር ለምታጓጉዙ አየር መንገዶች የመንገደኞች አገልግሎት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፡- በመነሻ ላይ የሚደረገውን የሰነድ ምርመራና ከመሳፈር የመከልከልን አሠራር ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሐዋሳ ከተማ ትኬት በመቁረጥና የጉዞ ሰነድ በማዘጋጀት ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ነን። ለመጻፍ ያነሣሣን ከመሳፈር ስለተከለከለች አንዲት ተማሪ በቅርቡ ላቀረብነው አቤቱታ ከመካከላችሁ አንዱ የሰጠን የሁለት መስመር መልስ ነው። መልሱ፣ ሰነድ ማሟላት የመንገደኛው ኃላፊነት እንደሆነና መንገደኛዋ በበረራው ሰዓት ስላልቀረበች የትኬቱ ገንዘብ እንደማይመለስ ይገልጻል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው፤ በትኬቱ የውል ቃል ላይም ተጽፏል። ሁለተኛው ግን እውነት አይደለም። መንገደኛዋ በረራው ከመነሣቱ ከሦስት ሰዓት በፊት መስኮታችሁ ፊት ቆማ ነበር፤ ሻንጣዋም ሚዛን ላይ ወጥቶ ወርዷል። የቀረችው ስለተከለከለች እንጂ ስላልቀረበች አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት የእኔንም ጥፋት መደበቅ የለብኝም፤ ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ካናዳ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለመጀመር የምትሄድ የሐዋሳ ልጅ ናት። ፓስፖርቷ ላይ የካናዳ ቪዛ ተለጥፏል፤ የትምህርት ፈቃዷን በካናዳ መግቢያ ላይ የምትቀበልበት ደብዳቤም በእጇ ነበር። አባቷ ዋጋው ዝቅ እንዲልላቸው ስለጠየቁኝ ከቀረቡልኝ አማራጮች ርካሹን መረጥኩ፤ ከአዲስ አበባ ቪየና፣ ከቪየና ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ካልጋሪ የሚል ነበር። በፍራንክፈርት ብቻ ከሚያልፈው መንገድ በ19,000 ብር ይቀንሳል። ሦስቱም በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ናቸው፤ ሻንጣው እስከ ካልጋሪ ድረስ በቀጥታ ይሄዳል ተብሏል፤ ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች ያለው ነገር ተራ መሸጋገር መሰለኝ።

በበረራው ዕለት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። «ሸንገን ቪዛ የለሽም ብለው መለሱኝ፤ እኔ እኮ ካናዳ ነው የምሄደው» አለችኝ። አባቷ ከሐዋሳ በሻሸመኔና በሞጆ አድርገው ወደ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ሸኝተዋት ነበር፤ ወደ ውስጥ መግባት ስላልቻሉ ከተርሚናሉ ውጭ ሆነው ነው የጠበቋት። እኔም በሰዓቱ ስሕተቱ የመስኮቱ ሠራተኛ ነው ብዬ ተከራክሬ ነበር። በማግስቱ ደንቡን ሳነብ ሠራተኛዋ ትክክል እንደነበረች ተረዳሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የአውሮፓ የቪዛ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ደንብ ቁጥር 810፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሽግግር ክልል ሳይወጡ ለማለፍ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ የሚጠየቁ አገሮችን ይዘረዝራል፤ ኢትዮጵያም በዝርዝሩ ውስጥ ናት። ይኸው ደንብ የካናዳ፣ የአሜሪካ ወይም የጃፓን ቪዛ የያዘን ሰው ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርገዋል። ስለዚህ የካናዳ ቪዛ የያዘች ኢትዮጵያዊት ከአዲስ አበባ ተነሥታ በፍራንክፈርት ብቻ አልፋ ወደ ካናዳ ብትሄድ የአውሮፓ ቪዛ አያስፈልጋትም። ነገር ግን ነፃነቱ የተሰጠው በሽግግር ክልሉ ውስጥ ሆኖ ለሚያልፍ ሰው ነው። ቪየናና ፍራንክፈርት ሁለቱም በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች በሚገኙበት በሸንገን ክልል ውስጥ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ በረራ ይቆጠራል። መንገደኛው ቪየና ላይ በኢሚግሬሽን መስኮት አልፎ ወደ ሸንገን ይገባል፤ ፍራንክፈርት ላይ ደግሞ ተመዝግቦ ይወጣል። ለዚያ መግቢያ ሙሉ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ቢኖራት እንኳ አያስገባትም ነበር። ሻንጣው በቀጥታ መሄዱም በዚህ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ከስድስት ቀን በኋላ ልጅቷ በዚያው ፓስፖርት፣ በዚያው ቪዛና በዚያው ደብዳቤ፣ በፍራንክፈርት ብቻ በሚያልፍ አዲስ ትኬት ያለ ምንም ጥያቄ ተሳፍራ ሄደች። ከሰነዷ አንድም ገጽ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከመንገዱ ላይ አንድ ከተማ መቀነሱ ብቻ ነው። አባቷ አዲሱን ትኬት ለመግዛት የከፈሉት ገንዘብ መጀመሪያ አተረፍን ካልነው 19,000 ብር ብዙ እጥፍ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቅሬታችን በመስኮቱ ሠራተኛ ላይ ሳይሆን በሽያጩ ላይ ነው። ትኬቱ ሲቆረጥ የመንገደኛዋ ፓስፖርት ቁጥር፣ ዜግነቷና የትውልድ ቀኗ ከምዝገባው ጋር ገብቶ ነበር። መንገዱም ቀኑም በእናንተው ሥርዓት ውስጥ ነበር። በመነሻ ቀን ለመከልከል ያገለገለው መረጃ ከቪዛው በስተቀር ሁሉም ከ23 ቀን በፊት በእጃችሁ ነበር ማለት ነው። አንድ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ሁለት የሸንገን ከተሞችን በተከታታይ የሚያካትት ጉዞ ሲገዛ «ይህ መንገድ የሸንገን ቪዛ ይጠይቃል» የሚል አንድ መስመር ማውጣት ይህን ያህል ከባድ ሥራ አይመስለንም። አሁን ያለው ሥርዓት ከልክ በላይ ስለከበደ ሻንጣ ያስጠነቅቃል፤ የምግብ ምርጫም ይጠይቃል። ስለ ቪዛ ግን መንገደኛው ሁሉን እንዲያሟላ ከሚያስታውሰው አጠቃላይ ዐረፍተ ነገር በቀር ምንም አይልም።

ሁለተኛው ቅሬታችን በተቃራኒው ያለው ጉዳይ ነው፤ ማለትም መንገደኛው ትክክል ሆኖ ሳለ የሚከለከልበት።

ደንበኛችን የሆኑ አንዲት የ67 ዓመት እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ወደ አሜሪካ በመጓዝ ላይ ነበሩ። የአሜሪካ ቪዛቸው ለሁለት ዓመት፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ሲሆን ገና የአሥራ አንድ ወር ዕድሜ ቀርቶት ነበር። ይሁን እንጂ ቪዛው የተለጠፈበት ፓስፖርት ጊዜው አልፎ አዲስ አውጥተዋል። አሮጌው ፓስፖርት ሲሰረዝ የሽፋኑ ጥግ በመቀስ ተቆርጧል፤ ቪዛው ያለበት ገጽ ግን ከዳር እስከ ዳር ደኅና ነው። እኛ ሁለቱን ፓስፖርቶች በአንድ ላስቲክ አስረን ሰጠናቸው፤ «እማማ፣ አንዱን ያለ አንዱ እንዳያሳዩ» ብለንም ነገርናቸው። የመስኮቱ ሠራተኛ የተቆረጠውን ጥግ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ «ይህ የተሰረዘ ነው እናቴ፤ በተሰረዘ ፓስፖርት ላይ ያለ ቪዛ አይሠራም» ብሎ መለሳቸው።

የተሰረዘው ግን ፓስፖርቱ እንጂ ቪዛው አይደለም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በግልጽ እንዳስቀመጠው፣ ጊዜው ባለፈበት ፓስፖርት ላይ ያለ ያልተጎዳና ጊዜው ያላለፈ ቪዛ ከአዲሱ ፓስፖርት ጋር አብሮ ሲቀርብ ያገለግላል፤ ሁለቱ ፓስፖርቶች የአንድ አገርና የአንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ ቪዛውን ከአሮጌው ላይ አንሥቶ አዲሱ ላይ መለጠፍ ግን ያበላሸዋል። ሠራተኛው ከተጠራጠረም ማረጋገጫ መንገድ ነበረው፤ የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት አየር መንገዶች ስለ አንድ መንገደኛ ሰነድ በማንኛውም ሰዓት በስልክ የሚጠይቁት የአገናኝ ቡድን አለው። እሳቸው በመስኮቱ ፊት የቆሙት ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ሲሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ ስልክ ያነሣ ሰው አላዩም። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ አየር መንገድ በነዚያው ሁለት ፓስፖርቶች ሄዱ። የልጅ ልጃቸው ግን አራት ቀን ቀድሟቸው ተወልዷል።

ይህ ለምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ማወቃችንንም እንድታውቁ እንፈልጋለን። በመስኮቱ ላይ ሠራተኛው ፓስፖርቱን በመሣሪያ ካስነበበ በኋላ ሥርዓቱ ብዙ አየር መንገዶች የሚጠቀሙበትን ቲማቲክ የተባለ የመግቢያ ደንቦች ማኅደር ይጠይቃል። ማኅደሩ የሚመልሰው በገባለት መረጃ ልክ ነው። ዜግነት፣ የፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን፣ መድረሻና የመሸጋገሪያ ከተሞች ከምዝገባው ይገባሉ፤ የቪዛው ዓይነት፣ ማብቂያውና በየትኛው ፓስፖርት ላይ እንዳለ ግን ሰው አይቶ የሚያስገባው ወይም የሚያመዛዝነው ነው። ስለዚህ መልሱ «ይህ ከተሟላ ይሳፈር» የሚል ሆኖ ሲመጣ ሸክሙ በሠራተኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሠራተኛው ደግሞ ሂሳቡን ያውቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ ሰነድ የጎደለውን ሰው ያመጣ አጓጓዥ እንዲቀጣ ያዛል፤ ለአባል አገሮች ከቀረቡት አማራጮች አንዱ በአንድ መንገደኛ ከ3,000 ዩሮ የማያንስ ቅጣት ነው። መንገደኛውን መልሶ የማምጣት ግዴታም በአየር መንገዱ ላይ ነው። በስሕተት የመለሰውን ሰው በተመለከተ ግን፣ በእኛ አገር መስኮት ላይ ሠራተኛውን የሚጠይቀው የለም። ሚዛኑ እንዲህ ሲያጋድል የተጠራጠረ ሁሉ መከልከልን መምረጡ አያስደንቅም።

መከልከል ዋጋ የሌለው እርምጃ አለመሆኑን ግን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 2020 በሰጠው ውሳኔ አሳይቷል። ጉዳዩ በቆጵሮስ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ የነበረው የካዛክስታን ዜጋ ከላርናካ ወደ ቡካሬስት እንዳይሳፈር የተከለከለበት ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ አየር መንገዱ ሰነድህ አይበቃም ማለቱ ብቻ የመንገደኛውን የካሣ መብት እንደማያስቀር፣ ክርክር ከተነሣም ክልከላው በቂ ምክንያት የነበረው መሆኑን የሚመዝነው ዳኛ እንደሆነ ወስኗል። የተመሠረተበት ደንብ ቁጥር 261/2004 በአውሮፓ ኅብረት አየር መንገዶች ወደ አውሮፓ ለሚደረግ በረራ ከአዲስ አበባ ሲነሡም ይሠራል፤ በእንዲህ ያለ ርቀት የተቀመጠው ካሣ 600 ዩሮ ነው። ሰነዱ በእውነት የጎደለ መንገደኛ፣ እንደ እኔዋ ተማሪ ያለው ማለት ነው፣ በዚህ ደንብ ካሣ አያገኝም፤ ይህንንም ለደንበኞቻችን ሳንሸፍን እንነግራቸዋለን።

ነገር ግን ማን ትክክል እንደነበረ ለመመዘን ወረቀት ያስፈልጋል። ተማሪዋም እናትየዋም የተመለሱት በቃል ነው። አንዷ በትክክል፣ ሌላዋ በስሕተት ተመልሳ ሳለ በእጃቸው የቀረው ነገር አንድ ዓይነት ነበር፤ ምንም። የተማሪዋን ምክንያት እኔ ያገኘሁት ደንቡን ራሴ ፈልጌ ነው። የእናትየዋን ደግሞ «የተሰረዘ» ከምትለው ከአንዲት ቃል በመነሣት ገምተን ነው።

በዚህ ላይ በምዝገባው ውስጥ የሚጻፈው «አልቀረበም» የሚለው ቃል ይታከላል። ይህ ቃል ሲገባ ቀሪዎቹ በረራዎች፣ የመመለሻውም ጭምር፣ ይሰረዛሉ፤ በብዙ ትኬቶች ላይም ያልቀረበ መንገደኛ ቅጣት ይቆረጣል። እናትየዋ የመመለሻ ትኬታቸውን ያጡት በዚህ ነው። መስኮት ፊት ቆሞ ፓስፖርቱን ያስነበበን ሰው አልቀረበም ብሎ መጻፍ ከእውነት የራቀ መዝገብ ነው፤ የስካኑ ሰዓት ራሱ ይመሰክራል።

አንድ ነገር በአጭሩ እንጨምር። የቡና ቅምሻ ባለሙያ የሆነ የሲዳማ ልጅ የብራዚል ቪዛ ይዞ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ሳኦ ፓውሎ ሲሄድ ተመልሷል። ቀደም ብሎ ወንድሙ በዚያው በፍራንክፈርት በኩል ወደ አሜሪካ አልፎ ስለነበር እሱም አልፋለሁ ብሎ ነበር። የብራዚል ቪዛ ግን ነፃ ከሚያደርጉት ውስጥ ስለሌለ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገው ነበር። ይህን በመነሻው ሌሊት ማወቅ ምንም አይጠቅምም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ላይ የሚሰጠውን መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አሳድጓል፤ በዚያው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆሟል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእናንተ ሽያጭም ይመለከታል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ያለው ሰው ከፓሪስ ወደ ለንደን ደርሶ እንደገና በፓሪስና በቪየና በኩል እንዲመለስ ትኬት ከተሸጠለት፣ ቪዛው ቀኑ ሳያልፍ በመግቢያ ቁጥሩ ያልቃል፤ የሚከለከለውም ለንደን ላይ፣ ዘመድ በሌለበት ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንድትፈጽሙልን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ የመንገደኛው ዜግነት ከምዝገባ ጋር ሲገባ የሰነድ ምርመራው በዚያው ዕለት እንዲደረግና ውጤቱ በትኬቱ ላይ እንዲጻፍ፤ በተለይም የኢትዮጵያ ፓስፖርት በያዘ ሰው ስም ሁለት የሸንገን ከተሞች በተከታታይ ሲገቡ ማስጠንቀቂያው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት እንዲታይ።

ሁለተኛ፣ ከመሳፈር ለሚከለከል ማንኛውም መንገደኛ የተከለከለበት ምክንያት፣ ሥርዓቱ ያወጣው የደንቡ ቃል፣ ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት ወረቀት እዚያው መስኮት ላይ ተፈርሞ እንዲሰጠው። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ሠራተኛው መጻፍ ካለበት ከመጻፉ በፊት ደንቡን አንድ ጊዜ ደግሞ ያነባል፤ የእናትየዋ ጉዳይም ምናልባት እዚያው ይፈታ ነበር።

ሦስተኛ፣ ሠራተኛው የሚጠራጠርበት ሰነድ ሲያጋጥም፣ በረራው እስኪዘጋ ጊዜ ካለ፣ የፈረቃው ኃላፊ የመዳረሻ አገሩን የድንበር መሥሪያ ቤት ሳይጠይቅ መንገደኛው እንዳይመለስ።

አራተኛ፣ በሰነድ ምክንያት የተከለከለ መንገደኛ «አልቀረበም» ተብሎ እንዳይመዘገብ፤ የመመለሻ በረራው እንዲጠበቅለት፣ ክልከላው ስሕተት ሆኖ ሲገኝም ያለ ቅጣት በሚቀጥለው ክፍት በረራ እንዲሳፈር።

በበኩላችን ከዚህ ደብዳቤ ቀን ጀምሮ በሐዋሳ ቢሮዎቻችን በሚቆረጥ እያንዳንዱ የውጭ ትኬት ጀርባ ላይ የሚያልፍባቸውን ከተሞች፣ ከእነዚህ የትኞቹ በሸንገን ውስጥ እንደሆኑና መንገደኛው በየትኛው ቪዛ እንደሚያልፍ በእጅ ጽፈን መፈረም ጀምረናል። ስንሳሳት ፊርማችን ላይ ይታያል፤ ያንን የ19,000 ብር መንገድ የመረጥኩት ቢሮም ከዚህ አይቀርም።

የሁለቱ ጉዳዮች የትኬት ቁጥሮች፣ የቪዛዎቹ ቅጂዎችና የስልክ ጥሪዎቹ ሰዓት ዝርዝር በእጃችን ስለሚገኝ ከመካከላችሁ ጉዳዩን የሚከታተል ኃላፊ ሲመደብ በባለቤቶቹ ፈቃድ እናቀርባለን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በሐዋሳ ከተማ የትኬትና የጉዞ ሰነድ ሠራተኞችን በመወከል
የትኬት ሽያጭ ባለሙያ
ሐዋሳ